የመጀመሪያ ሎንች፦ ማኔጅድ ፕላትፎርም ይሻላል ወይስ የራሳችን ሰርቨር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካምፓስ ቲሞችን ሎንች ሳግዝ ሁሌ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ወሬው አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አራት ተማሪዎች ናችሁ፣ ካምፓስ አካባቢ ካሉ ካፌዎች ምሳ የሚታዘዝበት አፕ ሰርታችኋል፣ በጃንጎ የተጻፈ ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፣ ክፍያው በሞባይል ነው፣ ትዕዛዙ ለካፌው በቴሌግራም ቦት ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ወር 600 ሰው ይመዘገባል ብላችሁ ታስባላችሁ።

ሁለቱ በትክክል ልዩነታቸው ምንድነው?

ማኔጅድ ፕላትፎርም (ሬንደር፣ ኸሮኩ፣ ሬይልዌይ ምናምን) ማለት ኮዳችሁን ጊትሃብ ላይ ፑሽ ታደርጋላችሁ፣ እነሱ ቢልድ አድርገው ያስነሱታል። ኤችቲቲፒኤሱን፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አፕዴት ማድረጉን፣ ዳታቤዙ ሲወድቅ ማስነሳቱን እነሱ ይዘውታል። የራስ ሰርቨር ማለት ደግሞ ከዲጂታል ኦሽን ወይም ከሄትዝነር አንድ ባዶ የኡቡንቱ ማሽን፣ ቪፒኤስ የሚባለውን፣ ትከራያላችሁ፣ አይፒና የሩት መግቢያ ይሰጧችኋል፣ ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ የእናንተ ነው። ማሽኑ መብራት እንዳያጣ ይጠብቁላችኋል፣ ውስጡ ለሚሆነው ግን ማንም አይደውልላችሁም።

እና ለመጀመሪያ ሎንች የቱን እንያዝ?

ፕላትፎርሙን። ምክንያቱ ደግሞ ሊኑክስ ስለማትችሉ አይደለም፣ ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ትችላላችሁ። ግን በመጀመሪያው ወር የሚያጥራችሁ ሰዓት ነው። ሚድ አለ፣ ፕሮጀክት አለ፣ ካፌዎቹ ጋ በአካል ሄዶ ሜኑ ማስገባት አለ፣ ተጠቃሚ "ከፍያለሁ ግን አልደረሰኝም" እያለ ይጽፋል፣ ያንን መመለስ አለ። ከዛ ላይ ሰርቨር መጠበቅ ሲጨመር አራተኛው ልጅ ሙሉ በሙሉ ሰርቨር ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፣ እና ብዙ ጊዜ ያ ልጅ የቲሙ ጎበዝ ፕሮግራመር ነው።

ፕላትፎርም ስትይዙ ግን ሶስት ነገር ካላሟላችሁ ምክሬን እንዳትወስዱት፦ የማይተኛ ፔይድ ሰርቪስ፣ ፎቶና ፋይል ከሰርቪሱ ውጪ ማስቀመጥ፣ እና ከፕላትፎርሙ ውጪ የተቀመጠ ተሞክሮ የታየ ባካፕ። ለምን እንደሆነ ከታች አለ።

ቪፒኤስ 6 ዶላር ነው፣ ለምን ተጨማሪ እንከፍላለን?

ሂሳቡን እንስራው። ሬንደር ላይ ትንሹ ፔይድ ዌብ ሰርቪስ በወር 7 ዶላር ነው፣ ትንሹ ፔይድ ፖስትግሬስ ደግሞ ከ6 ዶላር አካባቢ ይጀምራል፣ ስለዚህ 13 ዶላር ገደማ። ዲጂታል ኦሽን ላይ 1 ጊጋ ራም ያለው ማሽን 6 ዶላር ነው፣ ዳታቤዙንም እዛው ታስቀምጡታላችሁ። ልዩነቱ በወር 7 ዶላር ነው። በብር ስትቀይሩት ለተማሪ ትንሽ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን 1 ጊጋ ራም ላይ ጃንጎ፣ ፖስትግሬስና ኤንጂንኤክስ አብረው ሲቀመጡ ቦታው ጠባብ ነው፣ እዛው ማሽን ላይ ምሳ ሰዓት ላይ `npm run build` ስትሉ ራሙ ያልቅና ከርነሉ አንዱን ፕሮሰስ ይገድላል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ትልቁን ነው የሚመርጠው፣ ዳታቤዙ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት `Killed` የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ ምክንያቱን `dmesg` ውስጥ ነው የምታገኙት። ስዋፕ ፋይል መጨመር ያቀልለዋል፣ ቢልዱን ሌላ ቦታ መስራት ደግሞ ይፈታዋል፣ ግን ይሄን ለማወቅ አንድ ምሳ ሰዓት ትከፍላላችሁ።

ፍሪ ቲየሩስ? ለመጀመሪያ ወር አይበቃም?

ለዴሞ ይበቃል፣ ክፍያ ላለበት ነገር ግን አይበቃም። ሬንደር ላይ ፍሪ ዌብ ሰርቪስ ለ15 ደቂቃ ማንም ካልነካው ይተኛል፣ ቀጣዩ ሰው ሲመጣ እስኪነሳ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ተጠቃሚው ቢጠብቅ እንኳን የክፍያ ድርጅቱ አይጠብቅም፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ቲም ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ ትዕዛዝ ሰጠች፣ ወደ ክፍያው ገጽ ሄደች፣ ከሞባይሏ ላይ ማረጋገጫው እስኪመጣላት፣ ባላንስ አንሷት ከጓደኛዋ እስክታስልክ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ ሄደ። በመሃል ሌላ ተጠቃሚ ስላልነበረ ሰርቪሱ ተኛ። ክፍያው ሲሳካ የክፍያ ድርጅቱ "ተከፍሏል" የሚለውን ዌብሁክ ላከ፣ የተኛው ሰርቪስ እስኪነሳ ላኪው ሰዓቱ አልቆበት ተወው። ገንዘቡ ከእሷ ተቆርጧል፣ አፑ ላይ ትዕዛዙ "ያልተከፈለ" ነው፣ ካፌው ምንም አልደረሰውም። ልጆቹ የክፍያው ኮድ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልጉ ከረሙ፣ ኮዱ ምንም አልነበረውም።

እንዴት ይታወቃል? የክፍያ ድርጅቱ ዳሽቦርድ ላይ ያለፉ ዌብሁኮችን እዩ፣ ታይምአውት የበዛው ሰው በሌለበት ሰዓት ከሆነ እንቅልፉ ነው። ፔይድ ሰርቪስ ስትይዙ ይሄ ይጠፋል፣ ግን ፔይድም ቢሆን ዌብሁክ ብቻ አትመኑ፣ ኔትወርክ ነውና ይጠፋል። "ያልተከፈለ" ሆነው ከ5 ደቂቃ በላይ የቆዩ ትዕዛዞችን እየለየ ድርጅቱን በቬሪፋይ ኤፒአዩ የሚጠይቅ ትንሽ ስክሪፕት በየ5 ደቂቃው ይሩጥ። ይሄ ፕላትፎርምም ሰርቨርም ላይ ያስፈልጋል።

በየ10 ደቂቃው ፒንግ እያደረግን እንዳይተኛ ብናደርገውስ?

ይሰራል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ፍሪው በወር 750 ሰዓት ስለሚሰጥ አንድ ሰርቪስ ወሩን ሙሉ ነቅቶ ይቆያል። ግን ፍሪው ፖስትግሬስ ከተፈጠረ ከ30 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፣ ካላሻሻላችሁት ይሰረዛል። ሎንች አድርጋችሁ፣ ሰው መልመድ ሲጀምር፣ ልክ በወሩ ዳታው ይዘጋባችኋል ማለት ነው። ዳታቤዝ ላይ ፍሪ አትጀምሩ፣ ገንዘብ ካጠራችሁ መጀመሪያ ለዳታቤዙ ክፈሉ።

ትንሹ ሰርቪስ 600 ሰው ይችላል?

በደንብ ይችላል። ከ600ው ግማሹ በአንድ ቀን አዘዘ እንበል፣ 300 ትዕዛዝ፣ ሁሉም ከቀኑ 5፡30 እስከ 6፡30 ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ። አንድ ትዕዛዝ እስኪያልቅ ሰርቨሩ 8 ጊዜ ይጠየቃል ብትሉ 2400 ጥያቄ ነው፣ ለ3600 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ አንድ እንኳን አይሞላም። ክላስ ሲለቅ ሁሉም አንዴ ስለሚገባ አስር እጥፍ አድርጉት፣ በሰከንድ 7 ገደማ። ጉኒኮርን በሁለት ወርከር፣ እያንዳንዱ ጥያቄ 100 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ በሰከንድ 20 ያስተናግዳል። ስለዚህ "ትራፊክ ሲበዛ" ብላችሁ ከአሁኑ ኩበርኔትስ ማጥናት አያስፈልግም። የሚያንቀው ብዙ ጊዜ የኮዱ ነገር ነው፣ ለምሳሌ የሜኑ ገጹ ለእያንዳንዱ ምግብ ለየብቻ ዳታቤዝ የሚጠይቅ ከሆነ፣ 60 ምግብ 60 ኩዌሪ ማለት ነው፣ ያንን በ`select_related` አስተካክሉት።

ሪጅን ስትመርጡ ብቻ ተጠንቀቁ። ለአዲስ አበባ ከኦሪገን ፍራንክፈርት ይቀርባል፣ እና ሬንደር ላይ አንዴ ከፈጠራችሁት ሪጅኑን መቀየር አትችሉም፣ አዲስ መፍጠር ነው። አፑና ዳታቤዙ የግድ አንድ ሪጅን ይሁኑ፣ አንዱ አሜሪካ አንዱ ጀርመን ከሆነ እያንዳንዷ ኩዌሪ ውቅያኖስ ታቋርጣለች።

የካፌዎቹ ሜኑ ፎቶ አፕሎድ አድርገን በማግስቱ ጠፋ፣ ለምን?

ፕላትፎርም ላይ አፑ ያለበት ዲስክ ጊዜያዊ ስለሆነ ነው። አዲስ ዲፕሎይ ባደረጋችሁ ቁጥር አዲስ ኮንቴይነር ይነሳል፣ አሮጌው ከነፋይሉ ይጠፋል። ኸሮኩ ላይማ ዲፕሎይ ባታደርጉም በቀን አንዴ ገደማ ይሪስታርታል። ላፕቶፓችሁ ላይ `media/` የሚለው ፎልደር በደንብ ስለሚሰራ ማንም አይጠረጥርም፣ ዳታቤዙ ውስጥ የፎቶው ስም አለ፣ ፎቶው ግን የለም፣ ገጹ ላይ የተሰበረ ምስል ብቻ ይታያል። ዳታቤዙ የራሱ ቦታ ስላለው ምንም አይሆንም።

መፍትሄው ፎቶዎቹን ኤስ ስሪ በሚባለው አይነት ስቶሬጅ ላይ ማድረግ ነው፣ ጃንጎ ላይ `django-storages` ይበቃል፣ የግማሽ ቀን ስራ ነው። ከሎንች በፊት አድርጉት እባካችሁ፣ ካፌ ባለቤት ጋ ተመልሶ "ፎቶውን ድጋሚ ላክልን" ማለት ቀላል አይደለም፣ ሁለተኛ ቀን ላይ ነው እምነቱ የሚጀምረውም የሚያልቀውም።

እኛ ዶከርም ፋየርዎልም እንችላለን፣ የራሳችንን ሰርቨር ብንይዝ ምን ይመጣብናል?

ብዙ ነገር በደንብ ይሄዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የሚበላሸው ነው፣ እና አንዱን በዝርዝር ላሳያችሁ ምክንያቱም ደጋግሜ ያየሁት ነው።

ቲሙ `ufw` አብርቷል፣ 22፣ 80 እና 443 ብቻ ክፍት ናቸው፣ `ufw status` ሲሉ እንደዛው ይላል። ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ግን ይቺ አለች፦

```
ports:
  - "5432:5432"
```

ዶከር ፖርት ሲከፍት ራሱ `iptables` ውስጥ ይጽፋል እንጂ በ`ufw` በኩል አያልፍም። ስለዚህ `ufw` ዝግ ነው እያለ ዳታቤዙ ለአለም ክፍት ነው። ፓስወርዱ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ሲጀመር የተሰጠው `postgres` ነው። ኢንተርኔት ላይ ቀን ከሌት ፖርት የሚፈትሹ ቦቶች አሉ፣ ትንሽ ናችሁ ብለው አይምሯችሁም። ከገቡ በኋላ የፖስትግሬስ ዋና ዩዘር `COPY ... FROM PROGRAM` በሚለው ትዕዛዝ ማንኛውንም ፕሮግራም ማስኬድ ስለሚችል የክሪፕቶ ማይነር ይጭናሉ።

ምልክቱ? አፑ ያለምክንያት ይዘገያል፣ `top` ስትከፍቱ ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ነው፣ የማታውቁት ስም ያለው ፕሮሰስ ላይ ተቀምጧል፣ `kdevtmpfsi` የሚል ካያችሁ ማይነር ነው። ብትገድሉት ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይነሳል። እንደዛ ከሆነ አታጽዱት፣ ምን እንደተነካ ስለማታውቁ ማሽኑን ጥላችሁ አዲስ አንሱ፣ ፓስወርዶችንና የክፍያውን ኤፒአይ ቁልፍ በሙሉ ቀይሩ፣ ዳታውን ከባካፕ መልሱ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፣ `"127.0.0.1:5432:5432"` ማድረግ፣ ወይም አፑም ኮንቴይነር ከሆነ `ports` የሚለውን ጭራሽ ማውጣት። ከዛ ከውጪ፣ ከራሳችሁ ላፕቶፕ፣ ሞክሩት፦

```
nc -zv የሰርቨሩ_አይፒ 5432
```

`succeeded` ካለ ክፍት ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ ማየት አይበቃም፣ በር መዘጋቱን የሚያውቀው ውጪ የቆመ ሰው ነው።

ሌላው የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬቱ ነው። የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት 90 ቀን ነው የሚቆየው፣ ሰርትቦት ራሱ ያድሰዋል፣ ግን በመሃል አንዱ ልጅ ፖርት 80ን ከዘጋው እድሳቱ በዝምታ ይከሽፋል። ድሮ ሊያልቅ ሲል ኢሜይል ይልኩ ነበር፣ ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ አቁመዋል። `certbot renew --dry-run` በየጊዜው ሞክሩ።

ፕላትፎርሙ ባካፕ ይይዝ የለ እንዴ? የራሳችን ለምን ያስፈልጋል?

ፔይድ ዳታቤዝ ላይ ይይዛል። ግን ባካፑ ያለው እዛው አካውንት ውስጥ ነው፣ ካርዱ እምቢ ብሎ አካውንቱ ቢታገድ ዳታውም ባካፑም አንድ ላይ ነው የሚቆለፉት። ስለዚህ በቀን አንዴ ሌላ ቦታ ይውጣ፦

```
pg_dump -Fc "$DATABASE_URL" -f misa.dump
```

ክሮን ላይ ስትጽፉት ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የሚሄዱት በዩቲሲ እንደሆነ አትርሱ፣ `0 0 * * *` ማለት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ማንም ምሳ የማያዝበት ሰዓት ስለሆነ ጥሩ ነው። `0 9 * * *` ብትሉ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ ምሳው መሃል።

ባካፕ መኖሩ ብቻ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። ጊትላብ የሚባለው ትልቅ ድርጅት ውስጥ በጃንዋሪ 31፣ 2017 አንድ ኢንጂነር ደክሞት በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። ባካፕ ሲፈልጉ የ`pg_dump` ባካፑ ከነጭራሹ አልነበረም፣ ዳታቤዙ 9.6 ሆኖ ይሄድ የነበረው `pg_dump` ግን 9.2 ስለነበር በየቀኑ ይከሽፍ ነበር፣ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ አይደርስም ነበር። የዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት በእጅ የተወሰደ ኮፒ ነው፣ የስድስት ሰዓት ዳታ ጠፋ። እናንተም ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው `pg_dump` ከሰርቨሩ ያረጀ ከሆነ `server version mismatch` ብሎ ያቆማል፣ ስክሪፕት ውስጥ ከሆነ ግን ማንም አያየውም።

ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ይሁን፣ አንዱ ሰው መልሶ ያስነሳው፦

```
createdb misa_test
pg_restore --no-owner -d misa_test misa.dump
psql misa_test -c "select count(*), max(created_at) from orders_order;"
```

የመጨረሻው ትዕዛዝ ቀን ትናንት ከሆነ ባካፕ አላችሁ። ካለፈው ሳምንት ከሆነ የላችሁም።

ዶላር ካርድ የለንም፣ ምን እናድርግ?

እዚህ አገር ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚወስነውም ይሄው ነው። የጊትሃብ የተማሪ ፓክ ላይ ከተመዘገባችሁ ዲጂታል ኦሽን ለአንድ አመት 200 ዶላር ክሬዲት ይሰጣል፣ ለመክፈት ግን ካርድ ወይም ፔይፓል ይጠይቃል። ብዙ ቲም ውጪ ያለ ወንድም ወይም አክስት ካርድ ላይ ነው የሚያስረው። እሱ ችግር የለውም፣ ግን አካውንቱ በእሳቸው ኢሜይል እንዳይሆን፣ የቲሙ የጋራ ኢሜይል ይሁን፣ ካርዱ ብቻ የእሳቸው። የካርዱ ቀን ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ወደ አካውንቱ ኢሜይል ነው፣ ማንም የማያየው ኢሜይል ከሆነ የምታውቁት አፑ ሲጠፋ ነው። ክሬዲቱም አመቱ ሲሞላ ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ያለው ከካርዱ ይቆረጣል፣ ቀኑን አሁኑኑ ካላንደር ላይ ጻፉት።

በብር የሚከፈል የሀገር ውስጥ ሆስቲንግ ካገኛችሁ፣ ሲፓናል ያለው ሼርድ ሆስቲንግ ነው ወይስ ሙሉ ቪፒኤስ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሼርዱ ብዙ ጊዜ የተዘጋጀው ለፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ነው፣ የእናንተ ጃንጎና ፖስትግሬስ ላይ ያስቸግራችኋል። ሙሉ ቪፒኤስ ከሆነና ዶላር በምንም መንገድ ካልተገኘ፣ እንግዲህ የራስ ሰርቨር ነው፣ ከላይ የጻፍኩትን የፋየርዎልና የባካፕ ነገር ይዛችሁ ግቡበት።

መቼ ነው ወደ ራሳችን ሰርቨር መሄድ ያለብን?

የፕላትፎርሙ ቢል ወርከሩም፣ ክሮኑም፣ ሬዲሱም፣ የሙከራው ኮፒም ለየብቻ እየተቆጠረ 60፣ 70 ዶላር ሲደርስና ያንኑ አንድ 12 ዶላር ማሽን ሲችለው። ሌላው፣ ሌሊት ስልኩ ቢጮህ የሚነሳ ሰው ከአንድ በላይ ሲኖራችሁ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሰርቨር ያ ልጅ ለአፓረንትሺፕ ክፍለሀገር የወጣ ቀን ማንም የማይነካው ይሆናል።

መቀየሩ ከባድ ነው?

ከመጀመሪያው ሁለት ነገር ካደረጋችሁ የአንድ ሌሊት ስራ ነው። አንደኛ ዶከርፋይል ይኑራችሁ፣ ሴቲንጉ ሁሉ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይሁን። ሁለተኛ በመጀመሪያው ቀን የራሳችሁን ዶሜይን ግዙ። የክፍያ ድርጅቱ ጋ ያስመዘገባችሁት የዌብሁክ አድራሻ የፕላትፎርሙ ሰብዶሜይን ከሆነ ስትቀይሩ እሱንም ማስቀየር ይኖርባችኋል፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ደብዳቤና ጥቂት ቀን ይጠይቃል።

ከዛ እንዲህ ነው የሚሄደው፣ ከአንድ ቀን በፊት የዲኤንኤሱን ቲቲኤል 300 አድርጉት፣ አዲሱን ሰርቨር በሙከራ ዳታ አስነስታችሁ ሙሉ ትዕዛዝ አልፋችሁ እዩ። ማታ ካፌዎቹ ሲዘጉ አሮጌውን "ለጥገና ተዘግቷል" የሚል ገጽ ላይ አድርጉት፣ የመጨረሻውን `pg_dump` ውሰዱ፣ አዲሱ ላይ `pg_restore` አድርጉ፣ የትዕዛዙን ብዛት ሁለቱም ጋ ቆጥራችሁ እኩል መሆኑን አይታችሁ ዲኤንኤሱን ቀይሩ። የቴሌግራም ቦቱ በፕላትፎርሙ አድራሻ ተመዝግቦ ከሆነ `setWebhook` እንደገና ይጠራ። አሮጌውን ሰርቪስ ወዲያው አትሰርዙት፣ ለሁለትና ሶስት ቀን ሎጉን እያያችሁ አቆዩት፣ ዲኤንኤስ ያላደሰ ስልክ ወይም የዘገየ የክፍያ ዌብሁክ እዛ ሊመጣ ይችላል፣ ያንን ትዕዛዝ በቬሪፋይ ስክሪፕቱ አዲሱ ላይ ታገኙታላችሁ፣ አሮጌው ሎግ ሁለት ምሳ ሰዓት ባዶ ሆኖ ሲያልፍ ያኔ ዝጉት።